ሂስቶግራም ላይ የደወል ኩርባ እንዴት ይደረባል? በኤክሴል፣ ከ50 ከረጢት ቡና ጋር

«ሂስቶግራሙ ወጥቷል። መስመሩን ልጨምር ስል ግን ኤክሴል እምቢ አለኝ።»

ይህን መልእክት ስንት ጊዜ እንደተቀበልኩ አላውቅም። የሚልኩልኝ ባብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያሉ ተማሪዎች ናቸው። መስመሩ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፦ «68 በመቶ፣ 95 በመቶ የሚባለው ነገር የእኔ ዳታ ላይ ለምን ልክ አልመጣም?» ዛሬ ሁለቱንም አንድ ላይ ልጨርሳቸው።

የምንሠራበት ዳታ የእህቴ ነው። ቡና ቆልታ፣ ፈጭታ፣ አሽጋ ትሸጣለች። ከረጢቱ ላይ 250 ግራም ተብሎ ተጽፏል። የምትሞላው ግን በእጅ፣ በማንኪያ ነው። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለን 50 ከረጢት በወጥ ቤት ሚዛን መዘንን። የባዶ ከረጢቱን ክብደት ስለቀነስን ቁጥሩ የቡናው ብቻ ነው። ሚዛኑ የሚያሳየው ሙሉ ግራም ብቻ ነው፤ ግማሽና ሩብ አያውቅም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ጣጣ ታመጣለች።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ኤክሴል፣ 2013 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ። ስልክ ላይ ያለው ለዚህ ሥራ አይመችም።
- በሚዛን፣ በሜትር፣ በሰዓት የተለካ ዳታ። «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ» ዓይነት የመጠይቅ መልስ ለዚህ አይሆንም።
- ቢያንስ 30 ያህል ቁጥር፤ 50 ቢሆን ይሻላል። በ12 ቁጥር የሚወጣ ቅርጽ የዕድል ጉዳይ ነው። ነገ ሌላ 12 ብትለኩ ሌላ ቅርጽ ታያላችሁ።
- ግማሽ ሰዓት።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ

ኤክሴል ከ2016 ጀምሮ `Histogram` የሚባል የራሱ ቻርት አለው። አትንኩት። ለብቻው ሲታይ ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን ከሌላ ቻርት ጋር አይደረብም። መስመር ልትጨምሩበት ስትሞክሩ ሁለቱ የቻርት ዓይነቶች አብረው አይሄዱም የሚል መልእክት ይሰጣችኋል። ያ ሁሉ «እምቢ አለኝ» የሚመጣው ከዚህ ነው። እኛ ሂስቶግራሙን ከተራ ባር ቻርት እንሠራዋለን። ትንሽ ሥራ ይጨምራል፤ ግን የፈለግነውን ሁሉ እንደርብበታለን።

1. ዳታውን በአንድ ዓምድ አስገቡ

`A1` ላይ «ክብደት» ብላችሁ ጻፉ። ከ`A2` እስከ `A51` ድረስ 50ውን ቁጥር ወደ ታች ደርድሩ። ከእኔ ጋር እኩል መሄድ ከፈለጋችሁ እነዚህን አስገቡ። ቅደም ተከተሉ ለውጥ አያመጣም።

| ክብደት (ግራም) | ስንት ከረጢት |
|---|---|
| 242 | 1 |
| 244 | 2 |
| 246 | 1 |
| 247 | 1 |
| 248 | 3 |
| 249 | 5 |
| 250 | 5 |
| 251 | 5 |
| 252 | 4 |
| 253 | 5 |
| 254 | 5 |
| 255 | 3 |
| 256 | 3 |
| 257 | 3 |
| 258 | 2 |
| 259 | 1 |
| 261 | 1 |

249ን አምስት ጊዜ፣ 248ን ሦስት ጊዜ፣ እንዲህ እያላችሁ። ሴሉ ውስጥ «ግራም» የሚል ቃል አትጨምሩ። ቃል ከገባ ኤክሴል ያንን ሴል ቁጥር ነው ብሎ አይቆጥረውም፤ ዝም ብሎ ይዘለዋል። ስህተት ነው ብሎም አይነግራችሁም።

2. አራት ቁጥሮች አዘጋጁ

እነዚህን በየሴላቸው ጻፉ።

```
D1:  =AVERAGE(A2:A51)
D2:  =STDEV.S(A2:A51)
D3:  =COUNT(A2:A51)
D4:  3
```

`D1` አማካዩ ነው፤ 252 ይመጣል። `D2` ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው፤ 4 ይመጣል። ከዚህ በኋላ ኤስዲ እለዋለሁ። `D3` የከረጢቱ ብዛት ነው፤ 50 ካልሆነ አንዱ ሴል ውስጥ ቃል ወይም ክፍተት ገብቷልና ተመልሳችሁ ፈልጉት። `D4` የእያንዳንዱ ባር ስፋት ነው፤ ለምን 3 እንደሆነ ቀጥሎ እናያለን።

አውሮፓ ያላችሁ፣ ኤክሴላችሁ በጀርመን ወይም በስዊድን አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ፣ ከዚህ በታች ባሉት ፎርሙላዎች ውስጥ በኮማ ፋንታ `;`፣ እንደ 249.5 ባለ ቁጥር ውስጥ ደግሞ በነጥብ ፋንታ ኮማ ተጠቀሙ። አለበለዚያ ፎርሙላውን አይቀበልም።

ኤስዲ ከየት እንደመጣ አንድ ጊዜ በእጅ ብታዩት ጥሩ ነው። የእያንዳንዱን ከረጢት ርቀት ከ252 ውሰዱ። የ242ቱ ርቀት 10 ነው፣ የ255ቱ 3። እያንዳንዱን ርቀት በራሱ አባዙት፦ 100፣ 9፣ ወዘተ። የ50ውንም ደምሩ፤ 784 ይሆናል። ለ49 አካፍሉት፤ 16። ካሬ ሥሩን ውሰዱ፤ 4 ግራም። ስለዚህ ኤስዲ ማለት አንድ ከረጢት ከአማካዩ በተለምዶ ምን ያህል ይርቃል ለሚለው መልስ ነው። መለኪያው እንደ ዳታው ነው፤ ዳታው በግራም ከሆነ ኤስዲውም በግራም።

ለምን ለ50 ሳይሆን ለ49? እኛ የመዘንነው የተወሰነውን ነው። ልናውቅ የፈለግነው ግን እህቴ ስለምትሞላው ቡና ሁሉ ነው። አማካዩን ራሱ ከዚያው ዳታ ስላወጣነው ርቀቶቹ ትንሽ ያንሳሉ፤ በ49 ማካፈል ያንን ያካክሳል። `STDEV.S` ይህን ያደርጋል። `STDEV.P` ለ50 ያካፍላል፤ 3.96 ይሰጣችኋል። እዚህ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በ10 ቁጥር ግን ይታያል።

3. ምድቦቹን ወስኑ

ሂስቶግራም ማለት ቁጥሮችን በምድብ በምድብ ከፍሎ በየምድቡ ስንት እንደወደቀ መቁጠር ነው። ስንት ምድብ ይሁን? ለመነሻ የዳታውን ብዛት ካሬ ሥር ውሰዱ። የ50 ካሬ ሥር 7 ገደማ ነው። ክብደታችን ከ242 እስከ 261 ነው፤ ይህም 20 የተለያየ ሙሉ ግራም ነው። 20ን ለ7 ስናካፍል 3 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምድብ 3 ግራም ይይዛል።

አሁን የየምድቡን መካከለኛ ቁጥር ከ`F2` እስከ `F8` ጻፉ፦ 243፣ 246፣ 249፣ 252፣ 255፣ 258፣ 261። የ243 ምድብ 242፣ 243 እና 244ን ይይዛል። ድንበሩ 241.5 እና 244.5 ላይ ነው። ድንበሩ ግማሽ ላይ መሆኑ ሆን ተብሎ ነው። ሚዛናችን ግማሽ ግራም ስለማያሳይ ምንም ከረጢት ድንበር ላይ ቆሞ «የየትኛው ነኝ?» አይልም።

የምድብ ስፋት ላይ የሚሠራው ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። ስፋቱን 10 ብታደርጉት ሁለት ሦስት ወፍራም ባር ይቀራችኋል፤ ቅርጹ ይጠፋል። 1 ብታደርጉት ደግሞ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ሚዛኑ የሚያሳየው ሙሉ ግራም ብቻ ሆኖ ሳለ ስፋቱን 2.5 ካላችሁ አንዱ ምድብ ሁለት የክብደት ዓይነት፣ ጎረቤቱ ሦስት ይይዛል። ባሮቹ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ያንን ሥርዓት የያዘ ጥርስ ካያችሁ ጥፋቱ የምድቡ እንጂ የዳታው አይደለም።

4. በየምድቡ ያለውን ቁጠሩ

`G1` ላይ «ብዛት» በሉ። `G2` ላይ ይህን ጻፉና እስከ `G8` ወደ ታች ጎትቱት።

```
=COUNTIFS($A$2:$A$51,">="&F2-$D$4/2,$A$2:$A$51,"<"&F2+$D$4/2)
```

የሚወጣው 3፣ 2፣ 13፣ 14፣ 11፣ 6፣ 1 ነው። ደምሩት። 50 ካልመጣ ከምድቦቹ ውጭ የቀረ ከረጢት አለ ማለት ነው፤ ላይ ወይም ታች አንድ ምድብ ጨምሩ።

5. የደወሉን ከፍታ አስሉ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። `H1` ላይ «ደወል» በሉ። `H2` ላይ ይህን ጻፉና እስከ `H8` ጎትቱ።

```
=NORM.DIST(F2,$D$1,$D$2,FALSE)*$D$3*$D$4
```

የሚመጣው በግምት 1.2፣ 4.9፣ 11.3፣ 15.0፣ 11.3፣ 4.9፣ 1.2 ነው። ከባሮቹ ጎን አስቀምጡና ተመልከቱት፤ 13 በ11.3፣ 14 በ15፣ 11 በ11.3። ደህና ይቀራረባል። ሁለተኛው ምድብ ብቻ 2 ሆኖ ደወሉ 4.9 ይጠብቃል። ሦስት ከረጢት ያህል ጎደለ ማለት ነው። ከ50 ውስጥ ይህ አያስደነግጥም።

ያ ማባዣ ለምን ያስፈልጋል? `NORM.DIST` የሚሰጠው ደወል ከሥሩ የሚሸፍነው ቦታ በሙሉ 1 ነው። የእኛ ባሮች ግን አንድ ላይ የሚሸፍኑት 50 ከረጢት ሲባዛ በ3 ግራም፣ 150 ነው። በ150 ካላባዛነው የደወሉ ጫፍ 0.1 ብቻ ይሆናል። 14 ከፍታ ካለው ባር አጠገብ 0.1 ምን ይታያል? መሬት ላይ የተኛ መስመር። «ኩርባው ጠፍጣፋ ሆነብኝ» ብሎ ስክሪን የሚልክልኝ ሰው ሁሉ ችግሩ ይኸው ነው።

ሌላው ስህተት `FALSE` መሆን ያለበትን `TRUE` ማለት ነው። `TRUE` እስከዚያ ነጥብ ድረስ የተጠራቀመውን ድርሻ ይሰጣል። መስመራችሁ ወጥቶ ወጥቶ ላይ ከቀረና ካልወረደ እሱን ፈትሹ። `TRUE` የራሱ ጥቅም አለው፤ መጨረሻ ላይ እንጠቀምበታለን።

6. ባሩንና ደወሉን አንድ ላይ አውጡ

ከ`G1` እስከ `H8` ያለውን ምረጡ። `Insert` ውስጥ ግቡና `Insert Combo Chart`፣ ከዚያ `Clustered Column - Line` የሚለውን ጫኑ። ባሩና መስመሩ ይወጣሉ።

ታች ያለው መስመር ግን 1፣ 2፣ 3 ይላል። ቻርቱ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጉ፣ `Select Data` ግቡ። በስተቀኝ `Horizontal (Category) Axis Labels` ሥር `Edit` በሉና `F2:F8`ን ስጡት። አሁን 243፣ 246 እያለ ይሄዳል።

ቀጥሎ አንዱን ባር በቀኝ ጠቅ፣ `Format Data Series`፣ `Gap Width` 0%። በሂስቶግራም ባሮቹ መነካካት አለባቸው። 244.5 ላይ አንዱ ምድብ ያበቃል፣ እዚያው ላይ ሌላው ይጀምራል፤ መሃል ላይ ባዶ ቦታ የለም። ክፍተት ከተዋችሁ ክብደት ሳይሆን የከተማ ስም የምታወዳድሩ ይመስላል። ባሮቹ እንዳይደባለቁ ነጭ ጠርዝ ስጧቸው።

መጨረሻ ላይ መስመሩን ምረጡና በ`Format Data Series` ውስጥ `Smoothed line` ላይ ምልክት አድርጉ። የተሰባበረው መስመር ደወል ይሆናል። ግራ በኩል ያለውን ቁጥር ደግሞ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ በ`Format Axis` ውስጥ `Maximum` 16 አድርጉት። አሁን የምናሰምራቸው መስመሮች ልክ ጫፍ ድረስ እንዲደርሱ ነው።

7. የኤስዲ መስመሮችን አስምሩ

መስመር የምንፈልገው በአምስት ቦታ ነው፦ አማካዩ ላይ፣ አንድ ኤስዲ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ኤስዲ ግራና ቀኝ። በግራም ሲሆን 244፣ 248፣ 252፣ 256 እና 260። ብዙዎች በእጃቸው መስመር ይስሉና ቻርቱ ሲሰፋ መስመሩ ይሸሻል። ዳታው ሲቀየርም ባለበት ይቀራል። ይህን አታድርጉ።

እዚህ ላይ አንድ የኤክሴል ጠባይ ማወቅ አለባችሁ። ባር ቻርት ታች የሚያሳየውን 243፣ 246 እንደ ስም ብቻ ነው የሚያየው። ለእሱ የመጀመሪያው ባር 1 ነው፣ ሁለተኛው 2፣ ሰባተኛው 7። ስለዚህ 248 ግራምን ወደ ባር ቁጥር መለወጥ አለብን።

`I` ዓምድ ላይ ከ`I2` ጀምሮ እየደጋገማችሁ ጻፉ፦ -2፣ -2፣ ባዶ፣ -1፣ -1፣ ባዶ፣ 0፣ 0፣ ባዶ፣ 1፣ 1፣ ባዶ፣ 2፣ 2። `I15` ላይ ያበቃል። `J2` ላይ ይህን ጻፉና ወደ ታች ጎትቱ።

```
=($D$1+I2*$D$2-$F$2)/$D$4+1
```

ባዶ ካላችኋቸው ረድፎች ላይ ፎርሙላውን አጥፉት፤ እውነተኛ ባዶ መሆን አለባቸው። `K` ዓምድ ላይ በእያንዳንዱ ጥንድ 0 እና 16 ጻፉ። ለ248 የሚወጣው 2.67 ነው። ሁለተኛውን ባር አልፎ ሦስተኛው ውስጥ ገባ ያለ ቦታ ማለት ነው። አማካዩ ልክ 4 ላይ ይወድቃል፤ የመካከለኛው ባር እምብርት።

አሁን `Select Data`፣ `Add`፣ ዋጋውን `K2:K15` በሉ። መጀመሪያ ላይ የማይረባ ነገር ይወጣል፤ አትደንግጡ። በቀኝ ጠቅ፣ `Change Series Chart Type`፣ ለዚህ ተከታታይ `Scatter with Straight Lines` ምረጡ። አጠገቡ `Secondary Axis` ላይ ምልክት ካለ አንሱት። ካላነሳችሁት መስመሮቹ በራሳቸው ሌላ መለኪያ ይሰመሩና የተሳሳተ ቦታ ይቆማሉ። ከዚያ እንደገና `Select Data`፣ `Edit`፣ አሁን `Series X values` የሚል ሳጥን ይኖራል፤ `J2:J15`ን ስጡት።

አምስት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይቆማሉ። ባዶ ረድፎቹ መስመሮቹ እርስ በእርስ እንዳይያያዙ ያደርጋሉ።

ልክ መሆኑን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። ደወሉን ከጫፉ ወደ ጎን ተከተሉት። መጀመሪያ እንደ ተገለበጠ ሳህን ይታጠፋል፤ ከአንድ ቦታ በኋላ ግን አቅጣጫውን ቀይሮ እንደ መንሸራተቻ ወደ ውጭ ይዘረጋል። የመታጠፊያው አቅጣጫ የሚቀየርበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ኤስዲ ላይ ነው። የ248 እና የ256 መስመሮቻችሁ እዚያ አካባቢ ካልቆሙ አንዱ ፎርሙላ ተሳስቷል።

8. በየክልሉ ውስጥ ስንት እንደወደቀ ቁጠሩ

ፍጹም በሆነው ደወል ድርሻው የታወቀ ነው፦ አንድ ኤስዲ ግራና ቀኝ 68.27 በመቶ፣ ሁለት ኤስዲ 95.45 በመቶ፣ ሦስት ኤስዲ 99.73 በመቶ። ወደ 50 ከረጢት ስንለውጠው 34፣ 48 እና ሁሉም ማለት ይቻላል። የእኛን እንቁጠር።

```
=COUNTIFS(A2:A51,">="&D1-D2,A2:A51,"<="&D1+D2)/D3
```

መልሱ 76 በመቶ ነው፤ 38 ከረጢት። ተማሪው እዚህ ላይ ነው የሚጽፍልኝ። «68 መሆን ነበረበት፣ ምን አጠፋሁ?»

ምንም አላጠፋችሁም። እስቲ `>=` የሚለውን `>`፣ `<=` የሚለውን ደግሞ `<` አድርጉና እዩ። አሁን 64 በመቶ፣ 32 ከረጢት። በአንድ ምልክት 12 በመቶ ተንቀሳቀሰ! ምክንያቱም ስድስት ከረጢት ልክ ድንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሦስት 248 ላይ፣ ሦስት 256 ላይ። ሚዛኑ 248 ያለው ከረጢት በእውነት ከ247.5 እስከ 248.5 የትም ሊሆን ይችላል። ግማሾቹ ውስጥ፣ ግማሾቹ ውጭ ናቸው ብለን ብናስብ 35 ከረጢት፣ 70 በመቶ ይሆናል። ያዙልኝ ያልኳችሁ የሙሉ ግራም ጣጣ ይኸው ነው። ኤስዲው ትንሽ ሆኖ መለኪያው ሸካራ ሲሆን ድንበሩ ላይ የሚከመረው ይበዛል። ጽሑፋችሁ ውስጥ ድንበሩን ውስጥ አድርጋችሁ እንደቆጠራችሁ ወይም ውጭ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ድንበሩን ብንተወው እንኳ 50 ከረጢት ልክ 34 አይሰጥም። ዳታው እውነተኛ ደወል ቢሆን ራሱ በ50 ከረጢት ውስጥ የሚወድቀው ከ28 እስከ 40 ቢሆን የተለመደ ነው። ስለዚህ 32ም፣ 35ም፣ 38ም ደህና ናቸው። 22 ወይም 46 ቢመጣ ግን ቆም ብላችሁ ታያላችሁ።

በሁለት ኤስዲ፣ ከ244 እስከ 260፣ ድንበሩን ጨምሮ 48 ከረጢት አለ፤ 96 በመቶ። የወጡት ሁለት ናቸው፤ 242 እና 261። በሦስት ኤስዲ ሁሉም ገብቷል።

ደወሉ የማይሆንበት ጊዜ

ኤክሴል ምንም ዓይነት ዳታ ብትሰጡት ደወል ይስልላችኋል። አይከራከርም። መከራከር የእናንተ ሥራ ነው።

ታክሲ የጠበቃችሁበትን ደቂቃ መዝግባችሁ አማካዩ 12፣ ኤስዲው 10 ቢመጣ ሁለት ኤስዲ ወደ ታች ስትሄዱ ከዜሮ በታች 8 ደቂቃ ትደርሳላችሁ። ሰልፍ ሳትይዙ ታክሲው መጣ ማለት ነው? ከዜሮ በታች መሄድ የማይችል ዳታ፣ እንደ ጥበቃ ሰዓት፣ እንደ ደመወዝ፣ ብዙ ጊዜ ግራው ተከምሮ ቀኙ ረጅም ጭራ ይኖረዋል። አማካዩ ሲቀነስ ሁለት ኤስዲ የማይሆን ቁጥር ከሰጣችሁ 68ና 95ን እርሷቸው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ዳታ የቼቢሼቭ ሕግ አለ። ቅርጹ ምንም ይሁን ምን፣ በሁለት ኤስዲ ውስጥ ቢያንስ 75 በመቶ፣ በሦስት ኤስዲ ውስጥ ቢያንስ 89 በመቶ ገደማ አለ። ስለ አንድ ኤስዲ ግን ምንም ዋስትና አይሰጥም።

ሌላው ምልክት ሁለት ጉብታ ነው። እህቴ ከሰዓት በኋላ ረዳት አላት። የረዳቷ ማንኪያ ሞላ ያለ ነው። የሁለቱን ከረጢት ቀላቅለን ብንመዝን ኖሮ ሁለት ጫፍ ሊወጣ ይችል ነበር፤ ደወሉም ማንም ባልሞላበት መሃል ላይ ይቆም ነበር። የመዘንነው የእህቴን ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። ሁለት ጉብታ ካያችሁ ዳታውን የሚከፍለውን ነገር ፈልጉ፤ ፈረቃ፣ ማሽን፣ ጾታ። ከዚያ ለየብቻ ሥሩ።

ቶሎ ቶሎ የሚታዩ ስህተቶች

- መስመሩ መሬት ላይ ተኝቷል፦ በብዛቱና በስፋቱ አላባዛችሁም።
- መስመሩ ወጥቶ አይወርድም፦ `TRUE` ብላችኋል።
- የ`G` ዓምድ ድምር ከ50 በጣም ይለያል፤ ለምሳሌ ሦስት እጥፍ ይሆናል፦ `D4` ላይ ያለው ስፋት እና የ`F` ዓምድ እርምጃ አይመሳሰሉም።
- `#NAME?` ይላል፦ ኤክሴላችሁ ከ2010 በፊት የወጣ ነው፤ ወይም ፎርሙላው ውስጥ ፊደል ተሳስቷል።
- የኤስዲ መስመሮቹ በዚግዛግ ተያይዘዋል፦ ባዶ መሆን ያለባቸው ረድፎች በእውነት ባዶ አይደሉም፤ በተለይ `K` ዓምድን ፈትሹ።

ቻርቱ ከወጣ በኋላ ምን ይነበባል?

እህቴ ቻርቱን አየችና የጠየቀችው ስለ 68 አይደለም። «ስንቱ ነው ከ250 የሚያንሰው?» አለች። ይህንንም ደወሉ ይመልሳል። `TRUE` የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

```
=NORM.DIST(249.5,D1,D2,TRUE)
```

0.266 ይላል፤ ከአራት ከረጢት ከአንዱ በላይ። 249.5 ያልነው ሚዛኑ 249 ብሎ የሚያሳየው እስከዚያ ስለሆነ ነው። በእውነት የቆጠርነው ደግሞ 13 ከ50፣ 26 በመቶ ነው። ገጠመ። አማካዩ 252 ስለሆነ ደንበኛው በአማካይ 2 ግራም ትርፍ ያገኛል፤ ያም ሆኖ ከአራቱ አንዱ የጎደለ ይዞ ይሄዳል።

መፍትሔው ሁለት መንገድ አለው። 250ን ከአማካዩ ሁለት ኤስዲ በታች ማድረግ ነው፤ ያኔ የሚጎድለው ከ100 ሁለት ሦስት ከረጢት ብቻ ይሆናል። ኤስዲው 4 ሆኖ ከቀጠለ አማካዩ 258 መሆን አለበት። የመጨረሻዋን ማንኪያ ሚዛን ላይ አስቀምጣ በጥንቃቄ ብትሞላና ኤስዲው 2 ቢሆን ግን 254 ይበቃል። በሁለቱ መሃል ያለው 4 ግራም በ1000 ከረጢት 4 ኪሎ ቡና ነው። ትንሽ ማንኪያ ገዝታለች። በሚቀጥለው ወር እንደገና 50 እንመዝናለን።